ከጎንደር ደባርቅ ለሠርግ የተያዘ ሚኒባስ፦ የሒሳብ ክፍፍሉን ለጓደኞች እንዴት እንጽፋለን?

ለሠርግ ሚኒባስ በኮንትራት ሲያዝ ጭቅጭቅ የሚነሳው በዋጋው አይደለም። ዋጋው ከሹፌሩ ጋር አንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ አለቀ። ጭቅጭቁ የሚመጣው «እመጣለሁ» ያለ ሰው በዋዜማው ሲቀር ነው። መኪናው አንድ ሰው ስለቀረ አይረክስም። ሹፌሩ የሚቀበለው ያንኑ ነው፤ የቀረው ሰው ድርሻ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፣ ካልሆነም ሰብሳቢው ከኪሱ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ለጓደኞች የሚላከው መልእክት ዋና ሥራ «በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ብር ነው» ማለት ብቻ አይደለም። ባዶ የቀረ ወንበር የማን ዕዳ እንደሆነ ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት መናገር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ነጥብ ዙሪያ የሚሄድ ነው።

ምሳሌያችን ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚደረግ ጉዞ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ እሑድ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ነው እንበል። ተጓዦቹ አሥር ናቸው። ባልና ሚስት ከአራት ዓመት ልጃቸው ጋር አሉ፣ አዘዞ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የምትሳፈር አንዲት ጓደኛ አለች፣ ለመልሱ ደባርቅ የሚቆይ አንድ አለ፣ የቀሩት አምስቱ ከከተማው መሐል የሚነሱ ናቸው። የብር ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ የእርስዎን ዋጋ ሹፌርዎ ይነግርዎታል።

መልእክቱን ከመጻፍዎ በፊት ከሹፌሩ የሚጠየቅ

ለጓደኞች የሚጻፈው ከሹፌሩ ጋር ያለቀ ነገር ብቻ መሆን አለበት። «ወደ 12 ሺህ አካባቢ ይመስለኛል» ብሎ የተጻፈ መልእክት ሁለተኛ መልእክት ይወልዳል፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ሰው ማመን ይቀንሳል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ሰው በሕጋዊ መንገድ እንደሚቀመጥ ነው። ሹፌሩ «አስራ አምስትም ይይዛል» ሊልዎት ይችላል። የሚቆጠረው ግን ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ትርፍ ሰው ተጭኖ ትራፊክ ቢያስቆም መኪናው መንገድ ላይ ይጉላላል፣ ቅጣቱን ማን ይክፈል የሚለውም ሌላ ንትርክ ነው። በምሳሌያችን ሊብሬው ከሹፌሩ ጋር 12 ይላል፤ ለተጓዥ የሚተርፈው 11 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ሹፌሩ ረዳት ይዞ ይመጣል ወይ? ረዳት ካለ አንድ ወንበር ይይዛል፣ 11 የነበረው 10 ይሆናል። አሥራ አንደኛው ሰው ከፍሎ ጠዋት ሲመጣ ወንበሩ ላይ ረዳት ተቀምጦ ቢያገኘው ማንም ሊመልስለት አይችልም። በኮንትራት ጉዞ ረዳት አያስፈልግም፤ «ያለ ረዳት» ብለው ይነጋገሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ነዳጅ ነው። «ከነነዳጁ ነው ወይስ ያለ ነዳጅ?» ካልተባለ ሹፌሩ ማታ ላይ «ማደያ ሰልፍ ስለነበር ከውጭ በውድ ገዝቻለሁ» ብሎ ጭማሪ ሊጠይቅ ይችላል፣ እርስዎም ቀድመው የሚያሳዩት ቃል አይኖርዎትም። ከነነዳጁ የተዋዋለ ሰው ግን ነዳጅ የትም ይግዛ የትም ዋጋው ያው ነው።

ሦስተኛው ቆይታ ነው። ከደባርቅ የሚነሳበት ሰዓት ተቆርጦ ይያዝ፣ ከዚያ ያለፈ እያንዳንዱ ሰዓት ስንት እንደሚታሰብ ይጠየቅ። ሠርግ በሰዓቱ አያልቅም፤ ሙሽሮቹን ሳንሸኝ አንሄድም የሚል ሰው አይጠፋም። በምሳሌያችን መነሻው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ በሰዓት 300 ብር።

አራተኛ፣ ኮንትራት ማለት መኪናው በሙሉ የእኛ ነው ማለት መሆኑን አፍ አውጥተው ይናገሩ። አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ከወጣን ሹፌሩ ዳባት ላይ ሰው ጭኖ ሒሳቡን ኪሱ ሊከት ይችላል። ባዶው ወንበር የተከፈለበት ነው። ሰው የሚጫንበት ከሆነ በተጓዦቹ ፈቃድ፣ ገንዘቡም ለጋራው ሒሳብ ነው።

የመጨረሻው ቀብድ ነው። በጥር ወር ይህን ማዘግየት አይቻልም። ጎንደር ለጥምቀት በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፣ ከጥር 11 ቀጥሎ ደግሞ ሠርጉ ይደራረባል፤ ሹፌሩ በቃል የያዘልዎትን ቀን የተሻለ ከፋይ ሲያገኝ ሊተወው ይችላል። ዋጋውን የሚያጸናው ቀብድ ነው። ቀብዱን ሲሰጡ በወረቀት ወይም በስልክ መልእክት «ለጥር 17 የደባርቅ ጉዞ 4,000 ብር ቀብድ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል ያጽፉት። ይህ ቃል ክብደት አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል፤ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ ማለት ነው። ለ4,000 ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፤ ነገር ግን «ቀብድ» የሚለው ቃል ተጽፎ ሲገኝ ሹፌሩም በቀላሉ አይተውዎትም፣ ለጓደኞችዎም ገንዘባቸው ለምን እንደማይመለስ ማስረዳት አይቸግርዎትም።

ድርሻውን ማስላት

ሒሳቡ ሦስት ነገር አለው። የኮንትራቱ ዋጋ 12,000 ብር፣ ለሹፌሩ ጉርሻ 600 ብር፣ ለቆይታ መጠባበቂያ 600 ብር (ሁለት ሰዓት ቢያልፍ ብለን)። ድምሩ 13,200 ብር።

ጉርሻው ከመጀመሪያው ውስጥ ይግባ የምንለው ማታ ሲመለሱ ሰው ደክሞት ኪሱን እንዲፈትሽ ላለማድረግ ነው። ማታ ላይ «ለሹፌሩ እናዋጣ» ሲባል የሚያዋጡት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። ምሳውን ግን አያስቡ፤ ሹፌሩ ከሠርገኛው ጋር ይበላል።

አሁን ስንት ላይ እናካፍል? በጣም የተለመደው ስህተት በወንበሩ ብዛት ማካፈል ነው። 13,200 ለ11 ሲካፈል 1,200 ብር ይመጣል፣ ቁጥሩም ሸጋ ነው። ነገር ግን እርግጠኛ ሰው አሥር ብቻ ከሆነ 1,200 ብር ጎድሏል። ያን ጊዜ ሰብሳቢው «እባካችሁ እያንዳንዳችሁ 120 ጨምሩ» ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ሰው አንዴ ከከፈለ በኋላ ጨምር ሲባል ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ቅር ይለዋል፤ ግማሹ ይከፍላል፣ ግማሹ አይቶ ያልፈዋል።

ስለዚህ በተረጋገጠው ሰው ቁጥር ያካፍሉ፣ ከፍ ያለውን ቁጥር ያስታውቁ፣ ሰው ከተጨመረ ይመልሱ። በአሥር ሰው ድርሻው 1,320 ብር ነው። አሥራ አንደኛ ሰው ከተገኘ 1,200 ብር ይከፍላል፣ የእሱ ገንዘብ ለአሥሩ 120፣ 120 ተብሎ ይመለሳል፤ ሁሉም እኩል 1,200 ላይ ይገናኛሉ። አንድ ሰው ከመክፈያው ቀን በፊት ቢወጣና ዘጠኝ ቢሆኑ ደግሞ 1,466 ከሳንቲም ስለሚሆን 1,470 ብለው ያጠጋጉት፣ ትርፏ 30 ብር ለጋራ ሒሳቡ ትሆናለች። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች መልእክቱ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ ጥሩ ነው። ሰው ራሱ መውጣቱ በጓደኞቹ ላይ ምን እንደሚያመጣ በቁጥር ያየዋል።

የተለዩ ጉዳዮች፦ ማን ስንት ይክፈል?

መርሁ አንድ ነው፤ የሚከፈለው ለተያዘ ወንበር ነው እንጂ ለተጓዘበት ኪሎ ሜትር አይደለም። ምክንያቱም መኪናውን የያዝነው በሰው ሳይሆን በሙሉ ነው። ይህ ከተያዘ የቀረው ሁሉ በቀላሉ ይፈታል።

ለመልሱ ደባርቅ የሚቆየው ጓደኛ «መሄጃውን ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ግማሽ ልክፈል» ይላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ መናኸሪያ ሄዶ ቢሳፈር የአንድ ጉዞ ብቻ ይከፍል ነበር። ግን እሱ 660 ብር ከከፈለ የቀረው 660 ለዘጠኙ ሲካፈል እያንዳንዱ ላይ ከ73 ብር በላይ ይጨምራል፣ እነሱ ደግሞ እሱ እንዲቆይ አልጠየቁትም። የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦ ሙሉውን 1,320 ይከፍላል፤ በመመለሻው ወንበሩ የእሱ ሆኖ ይቆያል። ደባርቅ ያለ፣ ወደ ጎንደር መምጣት የሚፈልግ ሰው ካገኘ ለእሱ ይሰጠዋል፣ 660ውንም በቀጥታ ከሰውየው ይቀበላል። ይህ ገንዘብ ወደ ጋራው ሒሳብ አይገባም፤ የባለ ወንበሩ ነው። ከሠርግ የሚመለስ ሰው እሑድ ማታ መኪና ስለሚቸግረው ወንበሩን የሚፈልግ አይጠፋም፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ቢያፈላልግ ጥሩ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ የምትሳፈረዋም ሙሉ ትከፍላለች። ወንበሯ ከጎንደር ጀምሮ ለእሷ ባዶ ሆኖ ይሄዳል፣ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት አይችልም። ለእሷ በተናጠል ይንገሯት፤ በግሩፑ ላይ ስታነበው የተነጠለች ሊመስላት ይችላል።

የአዘዞው ጓደኛ ነገር የመንገድ ጉዳይ ነው። አዘዞ ከፒያሳ በደቡብ፣ ደባርቅ በሰሜን ነው፤ መኪናው እሱን ለማምጣት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርበት ነው። ሹፌሩ ለዚህ የሚጠይቀው ጭማሪ ካለ የአሥሩ ሰው አይደለም። ምርጫው ሁለት ነው፦ በታክሲ ወይም በባጃጅ ፒያሳ ድረስ ይመጣል፣ ወይም ጭማሪውን ራሱ ይሸፍናል። ወለቃ የሚኖር ሰው ቢሆን ኖሮ ግን መኪናው በደጁ ስለሚያልፍ ምንም ጭማሪ የለውም። መሰብሰቢያውን ሲመርጡ ይህን ያስቡ፤ ሁሉንም በየቤቱ የሚለቅም ሚኒባስ ከከተማው ሳይወጣ አንድ ሰዓት ይጨርሳል።

ባልና ሚስቱ የሁለት ወንበር 2,640 ብር ይከፍላሉ። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ከሆነ አይከፈልበትም፣ ወንበር ከያዘ እንደ ማንኛውም ሰው ይታሰባል። ይህን ለወላጆቹ ይተውላቸው፣ ግን ጠዋት ሳይሆን ከመክፈያው ቀን በፊት እንዲወስኑ። የደባርቅ መንገድ ዳገትና ጠመዝማዛ አለው፤ የአራት ዓመት ልጅ ደርሶ መልስ ጭን ላይ ማቆየት ከባድ ነው። አሥራ አንደኛው ወንበር ባዶ እስከሆነ ድረስ ልጁ ቢቀመጥበት ማንም አይከፋውም፤ ሰው ከመጣበት ግን ይነሳል። እንዲህ ብሎ መነጋገር ይበቃል።

ሚዜ የሆኑ ጓደኞች ከሙሽራው ጋር ስለሚሄዱ ከስሌቱ ይውጡ። ጋቢና የተቀመጠና የኋላ ወንበር ላይ የተጨናነቀ እኩል ይከፍላሉ፤ ዋጋ መለያየት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሲመለሱ ቦታ መቀያየር ነው።

እጁ ያጠረው ጓደኛም ይኖራል። ስለ እሱ በግሩፑ ላይ አንድም ቃል አይጻፍ። መልእክቱ ውስጥ «በዚህ ቀን የማይመቸው በግል ይጻፍልኝ» የሚል አንዲት መስመር ትግባ፣ ያ ይበቃዋል። ከዚያ ሰብሳቢው ከአንድ ሁለት ቅርብ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ይሸፍናል ወይም ከሠርጉ በኋላ እንዲከፍል ይጠብቀዋል። በዝርዝሩ ላይ ግን ከሌሎቹ እኩል «ከፍሏል» ተብሎ ይጻፍ።

መልእክቱ

አሁን መጻፍ ይቻላል። በድምፅ አይላኩት፤ ቁጥር በድምፅ ሲነገር ሰው ተመልሶ ሊያገኘው አይችልም፣ ሁሉም የሰማውን ይዞ ይከራከራል። በጽሑፍ፣ በአንድ መልእክት፣ ቴሌግራም ግሩፕ ከሆነ ከላይ ፒን ተደርጎ። የስጦታውን መዋጮ እዚህ ውስጥ አይቀላቅሉት። አንድ ሰው 2,000 ብር ሲልክ የትኛው ለመኪና፣ የትኛው ለስጦታ እንደሆነ በኋላ መለየት አይቻልም፤ ለስጦታው ሌላ ቀን ሌላ መልእክት ይላክ።

> ሰላም ለሁላችሁ። የደባርቁ ሠርግ መኪና አልቋል፤ እሑድ ጥር 17፣ ደርሶ መልስ፣ ከነነዳጁ፣ ያለ ረዳት።
>
> ሒሳቡ፦ ኮንትራት 12,000 + የሹፌር ጉርሻ 600 + የቆይታ መጠባበቂያ 600 = 13,200 ብር።
>
> እስካሁን 10 ነን፣ ስለዚህ የእያንዳንዳችን ድርሻ 1,320 ብር ነው። 11ኛ ሰው ከተገኘ 1,200 ይሆናል፣ 120 ብር እመልስላችኋለሁ። 9 ከሆንን 1,470 ይሆናል።
>
> ክፍያው እስከ ረቡዕ ጥር 6 ማታ 2 ሰዓት ነው። ሐሙስ ጠዋት ለሹፌሩ 4,000 ብር ቀብድ እሰጣለሁ። የከፈለ ሰው ወንበሩ ተይዞለታል፤ ያልከፈለ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።
>
> ከሐሙስ በፊት የቀረ ሰው ገንዘቡ በሙሉ ይመለስለታል። ከሐሙስ በኋላ የቀረ ሰው በምትኩ ሰው ያምጣ፤ ካላገኘ ገንዘቡ አይመለስም፣ ምክንያቱም ሹፌሩ የሚቀበለው አይቀንስም።
>
> ክፍያው ለወንበር ነው፤ መንገድ ላይ የሚሳፈርም፣ እዚያ የሚቀርም እኩል ይከፍላል። ልጅ ጭን ላይ ከሆነ አይከፈልበትም።
>
> መነሻ ፒያሳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ። 15 ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንሄዳለን። ከደባርቅ መመለሻ ከቀኑ 11 ሰዓት።
>
> ሠርጉ ቢራዘም ወይም መንገድ ቢዘጋ መጀመሪያ ቀኑን እንዲያዛውርልን ሹፌሩን እንጠይቃለን። ካልሆነ የምናጣው ቀብዱን ብቻ ነው፣ በሰው 400 ብር፤ የቀረው 920 ይመለሳል።
>
> የምትልኩበት፦ (ቴሌብር ወይም ንግድ ባንክ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም)። ምክንያት ላይ «ሚኒባስ» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ። በዚህ ቀን የማይመቸው በግል ይጻፍልኝ። እኔ የራሴን ከፍያለሁ።

ስለ አንዳንዶቹ መስመሮች ምክንያቱን እንጨምር። የመክፈያው ቀን ከቀብዱ ቀን አንድ ቀን መቅደሙ ሆን ተብሎ ነው። ቀብዱ ከተሰጠ በኋላ የሚሰበሰብ ገንዘብ ቢጎድል ሰብሳቢው ተይዟል፤ ከቀብዱ በፊት ከጎደለ ግን ገና መውጫ አለው፤ ሌላ ሰው ይፈልጋል ወይም ድርሻውን በ9 ያሰላል። ሰዓት መጻፉም ይጠቅማል፣ «ረቡዕ» ብቻ ከተባለ ሐሙስ ጠዋት የሚልክ ሰው «ረቡዕ ሌሊት ልኬ ነበር፣ ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ይላል። «ከሐሙስ በኋላ ገንዘቡ አይመለስም» የሚለው ሲነበብ ጠንከር ያለ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ምክንያቱ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተጨመረው። ያለ ምክንያት የተጻፈ ክልከላ ሰብሳቢው ገንዘቡን የሚያስቀር ያስመስለዋል።

የመራዘሙን ነገር ብዙዎች መጻፍ ይፈራሉ፣ በሠርግ ላይ ክፉ መናገር ይመስላቸዋል። ነገር ግን በሙሽሮቹ ቤተሰብ ሐዘን ሲገባ ሠርግ ይራዘማል፣ መንገድም አንዳንዴ ይዘጋል። «ቢራዘም» ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ ሐዘን የሚለውን ቃል መጻፍ አያስፈልግም። ዋናው 400 እና 920 የሚሉት ቁጥሮች መቀመጣቸው ነው፤ ነገሩ ቢመጣ በዚያ ሰዓት ስለ ገንዘብ መነጋገር ለሁሉም ከባድ ነው።

የመጨረሻዋ «እኔ የራሴን ከፍያለሁ» የምትለው መስመር ትንሽ ትመስላለች። ሰብሳቢው በነፃ እየሄደ ነው የሚል ጥርጣሬ በየትኛውም መዋጮ ውስጥ አለ፣ ሰው አፍ አውጥቶ አይጠይቅም እንጂ። እርስዎ ሳይጠየቁ ከተናገሩት ነገሩ እዚያው ይቆማል።

ገንዘቡ ሲገባ

ስክሪንሾት የክፍያ ማረጋገጫ አይደለም። ሰው አጭበርባሪ ሆኖ ሳይሆን፣ ወደ ተሳሳተ ቁጥር ልኮ ወይም ያለፈ ወር ክፍያ ስክሪንሾት ልኮ ሊሆን ይችላል። ቴሌብርዎን ወይም የባንክ ሒሳብዎን ከፍተው ገንዘቡ መግባቱን በዓይንዎ ሲያዩ ብቻ ስሙን ዝርዝሩ ላይ ያስገቡ። ዝርዝሩን በቀን አንድ ጊዜ ማታ ላይ ያድሱት፣ እንዲህ፦ «1 ከፍሏል፣ 2 ከፍላለች… እስካሁን 6 ሰው፣ 7,920 ብር።» የከፈሉትን ብቻ ይጻፉ። ያልከፈሉትን በስም መዘርዘር ሰውን ያሳፍራል፤ ለእነሱ በግል ይጻፍላቸዋል።

የግል ማስታወሻው አጭር ይሁን፣ በመክፈያው ቀን ዋዜማ፦

> ወንድሜ እንደምን ዋልክ። ነገ ማታ 2 ሰዓት የመኪናውን እዘጋለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ቀብድ ስለምሰጥ። ትመጣለህ ወይስ ወንበሩን ለሌላ ልስጠው? የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፣ ብቻ ንገረኝ።

«ወንበሩን ለሌላ ልስጠው?» የሚለው ጥያቄ «ክፈል» ከማለት ይሻላል። ሰውየው መሄድ ካልፈለገ ሳያፍር መውጫ ያገኛል፣ መሄድ ከፈለገ ደግሞ ወዲያው ይልካል። መልስ ካልሰጠ በስልክ አንድ ጊዜ ይደውሉለት፤ ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ ሳይከፍል ከቀረ ከተጓዦቹ ቁጥር ያውጡት። እዚህ ላይ መለሳለስ ሸክሙን በከፈሉት ላይ መጫን ነው።

ከሐሙስ በኋላ «ልጄ ታመመብኝ፣ አልችልም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ደንቡ ደንብ ነው፣ ግን አጻጻፉ ሰው ይምሰል፦

> እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ፣ ምነው ምን ሆነብሽ? የመኪናውን ነገር አታስቢ፣ ወንበርሽን የሚወስድ ሰው እኔም እፈልጋለሁ፤ ካገኘን 1,320 ብሩን ለአንቺ ይልክልሻል።

ይህ መልእክት ገንዘቡን እመልሳለሁ አይልም፤ መፈለጉን ግን ይካፈላል። ተተኪው የሚከፍለው ለቀረችው እንጂ ለሰብሳቢው አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ሒሳቡ ሳይነካ ወንበሩ ብቻ ባለቤት ይለውጣል። ተጓዦቹ ተነጋግረው ሊመልሱላት ቢፈልጉ መልካም ነው፤ ያ የእነሱ ስጦታ ነው እንጂ ሰብሳቢው ብቻውን ከጋራው ገንዘብ የሚወስነው አይደለም።

ለሹፌሩ አከፋፈል

ሙሉውን ጠዋት አይክፈሉ። 4,000 ቀብድ ሐሙስ፣ 4,000 እሑድ ጠዋት ሲነሱ (ነዳጅ መቅጃ ይሆነዋል)፣ የመጨረሻው 4,000 ማታ ፒያሳ ሲመለሱ። አንድ ሦስተኛው በእጅዎ መቆየቱ ሹፌሩ ደባርቅ ካደረሳችሁ በኋላ ሌላ ሥራ አግኝቶ እንዳይሄድ ያደርገዋል፣ መኪናው ቢበላሽም ለሌላ መኪና የሚሆን ገንዘብ ይኖራችኋል።

ከ11 ሰዓት ቢያልፍ ለዚያ 600 ብር አለ። ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ለመቆየት የፈለጉ ሲኖሩ ሰብሳቢው ለብቻው «እሺ» አይበል፤ 11 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ባለበት «እስከ 1 ሰዓት የተከፈለ ነው፣ ከዚያ በላይ በሰው 30 ብር በሰዓት ይጨመራል፣ መንገዱም ይመሻል» ብሎ ያሳውቅ። ብዙ ጊዜ ይህን ከሰሙ በኋላ ይነሳሉ።

ሒሳቡን መዝጋት

ከተመለሱ በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጥር 19፣ የመዝጊያ መልእክት ይላካል። የማይልክ ብዙ ሰው አለ፤ የተረፈው ትንሽ ነው ብለው ይተዉታል። የሚቀጥለው ጉዞ መዋጮ በሰዓቱ መግባቱና አለመግባቱ ግን ከዚህ መልእክት ጋር የተያያዘ ነው። በምሳሌያችን አሥራ አንደኛ ሰው አልተገኘም፣ ቆይታውም አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፦

> የመኪናው ሒሳብ፦ የገባ 13,200 (10 ሰው × 1,320)። የወጣ፦ ሹፌር 12,000፣ ጉርሻ 600፣ የአንድ ሰዓት ቆይታ 300፣ ድምር 12,900። የቀረ 300 ብር፣ በሰው 30 ብር። ዛሬ ማታ በየቁጥራችሁ እልካለሁ። የተሳሳተ ነገር ያየ ይንገረኝ።

30 ብር ስለሆነች «ለሚቀጥለው ትቆይ» ወይም «ስጦታው ላይ ትጨመር» የሚል ሐሳብ ግሩፑ ላይ ከመጣና ሁሉም ከተስማሙ ይቻላል። ሐሳቡን ያመጣው ሰብሳቢው ራሱ ከሆነ ግን እምቢ ለማለት ይከብዳል፤ እርስዎ ይላኩላቸው። ለሹፌሩ የከፈሉበትን ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት ከዚሁ መልእክት ሥር ያያይዙት፣ የሹፌሩን ስልክም ጠይቃችሁት ከፈቀደ አብራችሁ አስቀምጡት፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲጀመር ግሩፑ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈልገው ሰው ይኖራል።